ፋን እያለ ሻጋታ፦ የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ መጠንና የቱቦው ነገር

ክረምት ሲገባ የብዙ መታጠቢያ ቤቶች ኮርኒስ ከጥጉ ጀምሮ መጥቆር ይጀምራል። በበረኪና ይታጠባል፣ ቀለም ይቀባል፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይወጣል። በመጨረሻ ኤግዞስት ፋን ይገዛና ይገጠማል። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ሻጋታው ግን አይለቅም። ባለቤቱ «ፋኑ ደካማ ነው» ብሎ በሌላ ይለውጠዋል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የፋኑ ሳይሆን ፋኑ የተቀጠለበት ቱቦ ነው። ስለ ፋን መጠን የሚወጡ ደንቦች፣ የባለሙያዎች ክርክርና የገጣሚዎች ልማድ ሁሉ ሲታዩ ጎልቶ የሚወጣው ይኸው ነው፤ የሚገዛው ፋን የሚመረጠው ቱቦው ከታወቀ በኋላ መሆን ሲገባው፣ በተግባር የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው።

ሻጋታ እንዲበቅል ኮርኒሱ ላይ ውሃ መንጠባጠብ የለበትም። ከኮርኒሱ ጋር የሚነካካው ስስ የአየር ሽፋን የእርጥበት መጠኑ ለብዙ ሰዓታት፣ ቀናትን ተከትሎ፣ ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ይበቃዋል። ቀለሙ ላይ ያለው አቧራና የሳሙና ቅሪት ምግቡ ነው። ኮርኒሱ ቀድሞ የሚጠቃበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ሶሌታ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ነው። ጥግ ላይ አየር ስለማይንቀሳቀስና ከውጭ ግድግዳው ብርድ ስለሚጨመርበት ጥቁረቱ ከዚያ ይጀምራል።

እንግዲህ ስንት አየር ይውጣ? የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ ለመታጠቢያ ቤት በሴኮንድ 15 ሊትር ይላል፤ ይህ በሰዓት 54 ሜትር ኩብ ማለት ነው። የአሜሪካው የአሽሬ 62.2 ደረጃ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ለሚበራ ፋን፣ በደቂቃ 50 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም በሰዓት 85 ሜትር ኩብ ገደማ ይጠይቃል። በአሜሪካ ገጣሚዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት ደግሞ ለእያንዳንዱ ካሬ ጫማ ወለል በደቂቃ አንድ ኪዩቢክ ጫማ ሆኖ፣ ክፍሉ ምንም ያህል ቢያንስ ከ50 እንዳይወርድ ነው። ሌሎች የክፍሉን አየር በሰዓት ስምንት ጊዜ መለወጥ ይበቃል ይላሉ። ቁጥሮቹ ሲለያዩ አንባቢው ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ሁሉም ግን የመነጩት ከአንድ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ትቶት የሚሄደው ውሃ በምን ያህል ጊዜ ይውጣ?

ስለዚህ ጥያቄውን በግራም ማየቱ ይሻላል። አንድ የአዲስ አበባ አፓርታማ የላይኛው ፎቅ ላይ ያለ፣ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት እንውሰድ፤ 1.6 ሜትር በ2.2 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር። የሚይዘው አየር 8.8 ሜትር ኩብ ነው። ሞቅ ያለ ሻወር የሚወስድ ሰው ሩብ ሊትር ያህል ውሃ፣ ማለትም 250 ግራም፣ በእንፋሎትም በግድግዳ ላይ በሚቀር እርጥበትም ትቶ ይወጣል እንበል። በ22 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ19 ግራም ጥቂት የሚበልጥ እንፋሎት ብቻ ነው የሚይዘው። በሐምሌ ከኮሪደሩ የሚገባው አየር ራሱ 10 ግራም ያህል ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፋኑ የሚያወጣው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ፣ በጣም ቢሳካለት፣ 9 ግራም ተኩል ገደማ ውሃ ብቻ ይቀንስልናል። 250 ግራሙን ለማውጣት 27 ሜትር ኩብ ያህል አየር መውጣት አለበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ማካፈል ነው። ፋኑ በእርግጥ በሰዓት 85 የሚያወጣ ከሆነ 19 ደቂቃ ይበቃዋል። 54 ከሆነ 30 ደቂቃ። 30 ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ይህም ዝቅተኛው ነው፤ ግድግዳው እየደረቀ በሄደ ቁጥር የሚወጣው አየር ሙሉ በሙሉ የጠገበ ስለማይሆን ትክክለኛው ጊዜ ይረዝማል። አሁን በአንድ ቤት አራት ሰው በየተራው ጠዋት ታጥቦ ሲወጣ፣ በሰዓት 30 የሚያወጣው ፋን የመጀመሪያውን ሰው እንፋሎት ሳይጨርስ አራተኛው ይገባል። ኮርኒሱ እስከ ቀትር እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ማታ እንደገና ይጀምራል።

የአዲስ አበባን ከፍታ አንስተው «አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ ፋን ያስፈልጋል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ለዚህ ጉዳይ ግን ስጋቱ ቦታ የለውም። አንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው የእንፋሎት ልክ የሚወሰነው በሙቀቱ እንጂ በአየሩ ክብደት አይደለም፤ የፋኑ ግፊትም የቱቦው ጫናም አብረው በእኩል ስለሚቀንሱ፣ የሚወጣው ሜትር ኩብ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ብዙ አይለይም። የውጭውን ቁጥር እንዳለ መጠቀም ይቻላል።

ከደንቦቹ የትኛውን እንያዝ? የእንግሊዙ 54 የተጻፈው ክረምቱን በማሞቂያ ለሚያሳልፍ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ሞቃት ስለሆነ ትንሽ ዘግይቶ ቢደርቅም ችግሩ ይቀላል። የእኛ ቤት አይሞቅም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ 85ቱ ነው፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈ ሳይሆን በውጭ በኩል ተለክቶ የተገኘ 85።

ዋናው ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። በሳጥኑ ላይ የሚታተመው ቁጥር የተለካው ፋኑ ምንም ነገር ሳይቀጠልበት፣ ከፊቱም ከኋላውም ነፃ ሆኖ ሲዞር ነው። በገበያው የተለመደው ባለ 100 ሚሊ ሜትር ፋን፣ ቅጠሎቹ እንደ መርከብ መዘውር ቀጥታ የሚገፉት፣ 90 ወይም 95 ሜትር ኩብ ተብሎ ይሸጣል። ይህ ዓይነቱ ፋን ግፊቱ ትንሽ ነው፤ 30 ወይም 40 ፓስካል ላይ ሲደርስ ቅጠሉ እየዞረ አየሩ ይቆማል። በአንድ ግድግዳ ውስጥ ለውስጥ በ20 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ወደ ውጭ ለሚያስወጣ ሰው ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ርካሹ ፋን ሥራውን በደንብ ይሠራል። ቱቦው ሲረዝም ግን ነገሩ ይለወጣል።

በምሳሌያችን መታጠቢያ ቤቱ በሕንፃው መሃል ስላለ ቱቦው ከኮርኒሱ በላይ 5 ሜትር ተጉዞ፣ በሁለት ጎሚቶ ታጥፎ፣ ክዳን ባለው ሉቨር ወደ ውጭ ይወጣል። በሰዓት 85 ሜትር ኩብ በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜትር ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ለስላሳ ጠንካራ ቱቦ በየሜትሩ አንድ ፓስካል ተኩል ገደማ ይበላል፤ አምስቱ ሜትር 7። ሁለቱ ጎሚቶዎች በድምሩ 8 ያህል፣ ሉቨሩና መውጫው ደግሞ 12 ያህል ይወስዳሉ። ድምሩ ወደ 27 ፓስካል ይመጣል። ያ ፋን ደግሞ በሙሉ አቅሙ የሚቆመው 35 አካባቢ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ሲሰላ የሚወጣው አየር 60 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል እንጂ 95 አይሆንም። ይህ እንግዲህ ቱቦው በጥሩ ሁኔታ ሲገጠም ነው።

በተግባር የሚገጠመው ግን ብዙ ጊዜ ተጣጣፊው የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጎሚቶ አይፈልግም፣ በአንድ ሰው እጅ ያልቃል። ውስጡ የተሸበሸበ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ካልተወጠረ ከለስላሳው ሦስት እጥፍ ሊጫን ይችላል። የእኛ 60 ወደ 50 ይወርዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ መቀነሻ ነው። ኮርኒሱ ላይ የተተወው ቀዳዳ ጠባብ ሆኖ ሲገኝ ገጣሚው 100ውን ፋን በመቀነሻ ወደ 75 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፤ «ያው አየር ነው፣ ያልፋል» ይላል። የቱቦ ጫና ግን ከስፋቱ ጋር በቀጥታ የሚሄድ አይደለም፤ ስፋቱ በሩብ ሲቀንስ በየሜትሩ ያለው ጫና ከአራት እጥፍ በላይ ያድጋል። ያ ተጣጣፊ ቱቦ 75 ሲሆን የሚወጣው 30 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነው። በሳጥኑ ላይ 95 የሚል ፋን የገዛው ሰው አንድ ሦስተኛውን እያገኘ ነው፤ ድምፁ ያው ስለሆነ፣ እንዲያውም ስለሚጨምር፣ ምንም አይጠረጥርም።

መፍትሔው ተመሳሳይ ዓይነት ትልቅ ፋን መግዛት አይደለም። ባለ 95ን በባለ 120 ቢለውጡት ግፊቱ ብዙም ስለማይጨምር በዚያው ቱቦ ውስጥ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። ሁለት ነገር ነው የሚሠራው። አንደኛው ቱቦውን ማስተካከል ነው፤ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ የሚገኘው ባለ 110 የፍሳሽ ፒቪሲ ለዚህ በጣም ጥሩ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ አይጠመዘዝም፣ ከባለ 100 ፋን አፍ ጋር በጥቂት ጎማና ናስትሮ ይገናኛል። አንዱን ሹል ጎሚቶ በሁለት ባለ 45 ዲግሪ መተካትም ጫናውን ያቃልላል። ሁለተኛው የፋኑን ዓይነት መለወጥ ነው። በቱቦው መሃል የሚገባ፣ አየሩን በክብ እየወረወረ የሚገፋ ፋን አለ፤ 100 ሚሊ ሜትር ሆኖ 180 ሜትር ኩብና 150 ፓስካል ገደማ የሚል ጽሑፍ ያለው። በዚያው 5 ሜትር ጠንካራ ቱቦ ላይ ሲሰላ 115 ያህል ያወጣል። ዋጋው ይበልጣል፤ ነገር ግን ከኮርኒሱ በላይ ርቆ ስለሚቀመጥ ድምፁ ያነሰ ነው፣ ሰው ደግሞ የማይጮኽ ፋን አያጠፋም። የእኔ ልክ ይህ ነው፤ ቱቦው ከሁለት ሜትር በላይ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ መታጠፊያ ካለው፣ ቀጥታ ገፊውን ፋን ትቶ ወደዚህኛው መሄድ።

ቱቦው የት እንደሚያልቅ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከሁሉም የከፋው አሠራር ቱቦውን ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ለቆ መተው ነው። እንፋሎቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣ፣ ከቤቱ ግን አልወጣም። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ቺፑዱን ከላይ ያረጥበዋል፣ ሻጋታው አሁን ከሁለቱም በኩል ይመጣል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ እድፍ የታየ እንደሆነ ጣሪያው አፈሰሰ ከማለት በፊት የፋኑ ቱቦ የት እንደሚያልቅ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ቱቦው ወደ ውጭ የሚወጣ ቢሆንም በቀዝቃዛው የጣሪያ ሥር ሲያልፍ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ወደ መውጫው በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ እንዲል፣ በማገጃ ጨርቅም እንዲጠቀለል ይደረጋል። ተጣጣፊው ቱቦ በሁለት ማገር መካከል ረግቦ ከወረደ እዚያ ውሃ ይጠራቀማል፤ ጥቂት ሊትር ውሃ አየሩን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል።

በብዙ አፓርታማዎች መውጫው የጋራ ሻፍት ነው። ሻፍቱ ከላይ ክፍት ከሆነና ሰፊ ከሆነ ይሠራል። ከላይ በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ከተሸፈነ ግን የሦስተኛው ፎቅ እንፋሎት በአምስተኛው መታጠቢያ ቤት ይወጣል። ምልክቱ ሽታ ነው፤ የራስዎ ፋን ጠፍቶ የጎረቤት ሽንኩርት ወይም የጎረቤት ሳሙና መታጠቢያ ቤትዎ ውስጥ ከሸተተ፣ ቱቦው ላይ ወደ ኋላ የሚመልሰውን የሚዘጋ ክዳን የለም ወይም ተጣብቋል። ክዳኑ ቀላል መሆን አለበት፤ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ክዳን ደካማውን ፋን ራሱን ያግደዋል። የሻፍቱን አናት ማስከፈት ግን የአንድ ቤት ሥራ ስላልሆነ የሕንፃው ማኅበር ጉዳይ ነው።

ፋን አየር የሚያወጣው የሚገባ አየር ሲኖር ብቻ ነው። በሩ ከወለሉ ጋር ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ፣ ከዚያም ብርድ እንዳይገባ ከሥሩ ጎማ ከተለጠፈበት፣ ፋኑ ባዶ ይዞራል። የእንግሊዙ ደንብ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው በር ከተጠናቀቀው ወለል በላይ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይጠይቃል። ይህ ለ54 ነው፤ ለ85 ደግሞ 15 ቢሆን ይሻላል። ክፍተቱ የሚለካው ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አናጢው በሩን ሲሰቅል ትክክለኛ የነበረው ክፍተት ሴራሚኩ ይበላዋል። ፋኑም በተቻለ መጠን ከበሩ በተቃራኒ፣ ለኮርኒሱ ቅርብ፣ ሻወሩ ያለበት በኩል ይሁን። ከበሩ ራስጌ ከተገጠመ ከሥር የገባው ደረቅ አየር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ጥጉ ሳይነካ ይቀራል።

ፋኑ መቼ ይብራ መቼ ይጥፋ በሚለው ላይ ሻጮች የእርጥበት ዳሳሽ ያለውን ያወድሳሉ። በዱባይ አየር ማቀዝቀዣ ባለው ቤት ወይም በማሞቂያ በደረቀ የለንደን ቤት ውስጥ በደንብ ይሠራል። በአዲስ አበባ ክረምት ግን የኮሪደሩ አየር ራሱ 65 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ዳሳሹ 60 ላይ ከተሞላ ፋኑ ቀንና ሌሊት አያርፍም፤ ባለቤቱ ይሰለችና ከብሬከሩ ያጠፋዋል። ከመብራቱ ጋር የሚበራ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ግን የሚቀጥል ባለ ታይመር ፋን እመርጣለሁ። የእንግሊዙ ደንብ መስኮት ለሌለው ክፍል 15 ደቂቃ ይላል፤ ከላይ ባደረግነው ሒሳብ ግን 85 የሚያወጣው እንኳ 19 ስለሚፈልግ ታይመሩን 25 ወይም 30 ላይ ማድረግ ይገባል። የሚበላው ኃይል 15 ወይም 25 ዋት ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ እንኳ የመብራት ሒሳብ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

የተገጠመው ፋን ስንት እያወጣ እንደሆነ ለማወቅ ሶፍት ወረቀት ፋኑ ላይ ለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ወረቀቱ ከወደቀ ፋኑ አይሠራም ማለት ነው። ከተለጠፈ ግን በቂ ነው ማለት አይደለም፤ 20 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፋንም ሶፍት ይይዛል። የተሻለው መንገድ ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ነው። ከውጭ በኩል መውጫው የሚደረስበት ከሆነ፣ ልኩ የታወቀ፣ ለምሳሌ 100 ሊትር የሚይዝ ፌስታል አየሩን አስወጥቶ መውጫው ላይ ዙሪያውን ገጥሞ ይያዛል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ፋኑን ያበራል፣ ሌላው በሞባይል ሰዓት ይይዛል። ፌስታሉ እስኪወጠር 4 ሴኮንድ ከፈጀ 85 አካባቢ ነው። 7 ሴኮንድ ከሆነ 50ዎቹ ውስጥ ነው። 12 ሴኮንድ የፈጀ እንደሆነ 30 ነው፣ ሻጋታው ከየት እንደመጣ ታውቋል። ልኬቱ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቶ ይደረግ፤ ከዚያ በሩ ተከፍቶ ይደገም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ችግሩ ቱቦው ሳይሆን በሩ ሥር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ውስጥ ከሰል እየነደደ ወይም ጭሱን በራሱ ጢስ ማውጫ የሚያስወጣ የጋዝ ማሞቂያ እየሠራ ጠንካራ ፋን በተዘጋ ቤት ውስጥ አይበራም፤ ፋኑ መርዛማውን ጭስ ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ ፌስታሉ በ4 ሴኮንድ ሞልቶ፣ ሻጋታው በሐምሌ ተመልሶ የሚወጣበት ቤትም አለ። ምክንያቱን ከሒሳቡ ማየት ይቻላል። ፋን የመታጠቢያ ቤቱን አየር ከኮሪደሩ አየር በላይ ሊያደርቀው አይችልም። ከኮሪደሩ የሚገባው 10 ግራም ይዞ ነው። ሌሊት በቀዘቀዘ ሶሌታ ሥር ኮርኒሱ 14 ዲግሪ ላይ ከወረደ፣ በዚያ ሙቀት አየር የሚይዘው 12 ግራም ጥቂት ብቻ ስለሆነ እርጥበቱ 83 በመቶ ይሆናል፤ ማንም ሻወር ሳይወስድ ሻጋታው የሚፈልገው ተሟልቷል። ኮርኒሱ 16 ዲግሪ ቢሆን ግን ያው አየር 73 በመቶ ላይ ይቆማል። እዚህ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ሌላ ፋን ሳይሆን ሁለት ዲግሪ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ወይም የመስታወት ሱፍ፣ በተለይ በውጭ ግድግዳው ጥግ ላይ ክፍተት ሳይተው መዘርጋት። ሁለቱን ለመለየት ሻጋታው ያለበትን ቦታ ማየት ይረዳል። ጥቁረቱ ከሻወሩ በላይ ተሰብስቦ ከሆነ የፋንና የቱቦ ጉዳይ ነው። በውጭ ግድግዳው በኩል መስመር ሠርቶ፣ መኝታ ቤቱም ጥግ ላይ ያው መስመር ካለ፣ ብርዱ ከጣሪያው ነው፤ ፋኑን አስተካክሎ ሲያበቃ ኮርኒሱን ከላይ ማልበስ ቀሪ ሥራ ሆኖ ይጠብቃል።